ያላለቀ ወር ካለቀ ወር ጋር ሲመዘን

አዲስ አበባ ውስጥ ሥጋ ቤት የሚያስተዳድር ሰው ቀኖች እኩል እንዳልሆኑ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ረቡዕና ዓርብ ቤቱ ጭር ይላል፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ቆራጩ ቢላዋውን የሚያሳርፍበት ጊዜ አያገኝም። ዐቢይ ጾም ሲገባ አንዳንዱ ቤት ጭራሹን ይዘጋል፤ በፋሲካ ዋዜማ ግን ሰው ከደጅ ጀምሮ ይሰለፋል። ባለቤቱ ይህን ሁሉ በጭንቅላቱ ይዞ ነው የቀኑን ሒሳብ የሚያየው። በየጠዋቱ በስልኩ የሚደርሰው የሽያጭ ሪፖርት ግን ስለ ጾምም ስለ ፍስክም የሚያውቀው ነገር የለም፤ የሚያውቀው የጻፈው ባለሙያ የነገረውን ብቻ ነው።

ሪፖርቱን የሚያዘጋጀው ባለሙያ ኤስኪውኤል በሚባለው የዳታቤዝ ቋንቋ ጥያቄ ይጽፋል። ጥያቄው በሙያው ሰዎች ዘንድ ኩዌሪ ይባላል። አንዴ ተጽፎ ሰዓት ይሞላለትና ሰው ሳይነካው በየቀኑ ራሱ ይሮጣል። ባለቤቶች አብዝተው ከሚጠይቁት አንዱ ይህ ነው፤ በዚህ ወር እስካሁን የሸጥነው፣ ከአምናው ተመሳሳይ ጊዜ ጋር ሲነጻጸር እንዴት ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ችግሩ የዘንድሮው ወር ገና እየሄደ መሆኑ ላይ ነው። አምና አልቋል፣ ተዘግቷል፣ ተስተካክሏል፤ ዘንድሮ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ነው።

ነገሩን ለማየት አንድ የታሰበ ሥጋ ቤት እንውሰድ። ሦስት ቅርንጫፍ አለው። ሒሳቡ እንዲቀልል፣ በጾም ቀን ሦስቱም ተደምረው 20 ሺህ ብር፣ በተራ የሥራ ቀን 60 ሺህ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በየቀኑ 120 ሺህ ብር ይሸጣሉ እንበል። ከአምና እስከ ዘንድሮ ምንም አልተለወጠም ብለንም እንነሣ፤ ዋጋው ያው፣ ደንበኛው ያው። እንግዲህ የንጽጽሩ ትክክለኛ መልስ ዜሮ ነው። ከዜሮ የራቀ ቁጥር ከወጣ ጥፋቱ የገበያው ሳይሆን የኩዌሪው ነው።

ሪፖርቱ ሰኞ ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት ይሮጣል። በወሩ ውስጥ ያለቁት ዘጠኝ ቀናት ናቸው። ጥቅምት 1 ቅዳሜ ስለዋለ በዘጠኙ ውስጥ አራት የቅዳሜና የእሑድ ቀናት፣ ሁለት የጾም ቀናትና ሦስት ተራ ቀናት አሉ። ድምሩ 700 ሺህ ብር ነው።

ጀማሪ ባለሙያ ብዙ ጊዜ የሚጽፈው የመጀመሪያው ኩዌሪ የዘንድሮውን ጥቅምት ደምሮ የአምናውን ጥቅምት ይደምራል። የአምናው ጥቅምት ሠላሳውም ቀን ሞልቶ 1 ሚሊዮን 980 ሺህ ብር ነው። ስለዚህ ሪፖርቱ ሽያጭ በ65 በመቶ ወርዷል ይላል። በማግሥቱ ትንሽ ይሻሻላል፤ በየቀኑም እየተሻሻለ ይሄድና ወሩ ሲያልቅ ከአምናው ጋር ይቀራረባል። የሚቀጥለው ወር 1 ቀን ላይ እንደገና ገደል ይገባል። በግራፍ ሲሳል የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። ሪፖርት በተነበበ ቁጥር በወሩ መጀመሪያ መርዶ፣ በወሩ መጨረሻ ብሥራት የሚያሰማ ከሆነ መጀመሪያ የሚመረመረው ይኸው ነው።

ከዚህ የሚሸሹ ሰዎች ሁለት አቋራጭ ይሞክራሉ። አንደኛው የአምናውን ወር ለሠላሳ አካፍሎ በዘጠኝ ማባዛት ነው። ውጤቱ 594 ሺህ ብር ይሆናል፤ የዘንድሮው 700 ሺህ ከዚህ አንጻር 18 በመቶ ያደገ ይመስላል። የወር ሽያጭ በሠላሳው ቀን ላይ እኩል እንደሚሰራጭ የሚያስብ ስሌት ነው፤ ደመወዝ በሚከፈልበት ሰሞን ገበያው እንደሚሞቅ፣ ረቡዕ ከቅዳሜ እንደማይተካከል አያውቅም።

ሁለተኛው ከዚህ ይሻላል፤ አምናንም እዚያው ቀን ላይ መቁረጥ ነው። ጥቅምት 1 እስከ 9 ዘንድሮ፣ ጥቅምት 1 እስከ 9 አምና። ዘጠኝ ቀን ከዘጠኝ ቀን ጋር ስለሆነ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሥራው አለቀ ብሎ ያምናል። የአምናው ጥቅምት 1 ግን ዓርብ ነበር። በአምናዎቹ ዘጠኝ ቀናት ውስጥ ሦስት የጾም ቀናት ነበሩ፣ የቅዳሜና የእሑድ ቀናት ደግሞ ሦስት ብቻ። ድምሩ 600 ሺህ ብር ነው። ሪፖርቱ 17 በመቶ ዕድገት ያውጃል፤ ምንም ያልተለወጠ ቤት ውስጥ። ይህ ቁጥር ከመጀመሪያው የከፋ የሚሆንበት ምክንያት አለው። 65 በመቶ ወርዷል ሲባል ባለቤቱ ይጠራጠራል። 17 በመቶ አድጓል ሲባል ግን አምኖ ተጨማሪ በሬ ያዝዛል።

ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። 365 ቀን ማለት 52 ሳምንትና አንድ ቀን ነው፤ ስለዚህ ያው ቀን በየዓመቱ አንድ የሳምንት ቀን ይገፋል። ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት፣ ለምሳሌ በ2015፣ ግፊቱ ሁለት ቀን ይሆናል። መፍትሔው ከዛሬ ላይ 365 ሳይሆን 364 ቀን መቀነስ ነው፤ ልክ 52 ሳምንት። የዘንድሮው ቅዳሜ ጥቅምት 1 ከአምናው ቅዳሜ ጥቅምት 2 ጋር ይጣመራል፤ የዘንድሮው እሑድ ጥቅምት 9 ደግሞ ከአምናው እሑድ ጥቅምት 10 ጋር። የአምናው ድምር አሁን 700 ሺህ ይመጣል፤ ለውጡም ዜሮ። የቀኑ ቁጥር በአንድ መዛነፉ አንባቢን ያስገርም ይሆናል፣ ስለዚህ በሪፖርቱ ግርጌ በግልጽ መጻፍ አለበት። ሥጋ ለሚሸጥ ቤት ግን ጥቅምት 1 መሆን ምንም ትርጉም የለውም፤ ቅዳሜ መሆን አለው።

እንደ ፖስትግሬስ ያሉ ዳታቤዞች ቀንን የሚይዙት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ ወር የሚወጣ ሪፖርት የራሱ የቀን መቁጠሪያ ሠንጠረዥ ያስፈልገዋል፤ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ረድፍ፣ የኢትዮጵያው ዓመት፣ ወርና ቀን፣ እንዲሁም ያ ቀን ከአምና ከየትኛው ቀን ጋር እንደሚነጻጸር የሚናገር ዓምድ ያለው። ለአሥር ዓመት የሚበቃው ሠንጠረዥ አራት ሺህ ረድፍ እንኳ አይሞላም። ወሮቻችን ሁሉ ሠላሳ ቀን መሆናቸው እዚህ ላይ ትልቅ ዕረፍት ነው፤ በፈረንጅ ወር የሚሠሩ ባለሙያዎች ከየካቲት 28ና 29 ጋር የሚያደርጉት ትግል እኛን አይነካንም። የእኛ አስቸጋሪ ጳጉሜን ብቻ ናት፤ ብዙ የንግድ ቤቶች ከነሐሴ ጋር ደርበው ይይዟታል።

ያ የአምና ቀን የሚመዘገብበት ዓምድ ግን 364 እየተቀነሰ ብቻ ተሞልቶ አይታለፍም። ፋሲካ አለ።

በ2016 ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 27 ነበር፤ በ2017 ሚያዝያ 12፤ በ2018 ደግሞ ሚያዝያ 4። እንግዲህ በ2017 ሚያዝያ 16 ጠዋት የሚወጣ ሪፖርት በ52 ሳምንት ስሌት ቢሠራ፣ የፋሲካን ዋዜማና ሰሞኑን የያዘውን የ2017 ግማሽ ወር ሙሉ በሙሉ በጾም ውስጥ ካለፈው የ2016 ግማሽ ወር ጋር ያስተያየዋል። የሚወጣው መቶኛ ለማንበብ የሚያሳፍር ይሆናል። ከሁለት ሳምንት በኋላ የአምናው ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ሚዛኑ ወደ ሌላው ወገን ይጋደላል።

ደግነቱ ፋሲካ ሁልጊዜ እሑድ ነው፤ ስለዚህ በሁለት ፋሲካዎች መካከል ያለው ርቀት ምንጊዜም ሙሉ ሳምንታት ነው። ከ2016 እስከ 2017 ፋሲካ 350 ቀን፣ ማለትም 50 ሳምንት፤ ከ2017 እስከ 2018 ደግሞ 357 ቀን፣ ማለትም 51 ሳምንት። በፋሲካ ሰሞን 364ን በዚያ ዓመት ርቀት መተካት ብቻ ይበቃል፤ ቅዳሜ ከቅዳሜ፣ ዓርብ ከዓርብ መጣመሩ አይናጋም።

የሰሞኑን ድንበር መወሰን ግን እውቀት ይጠይቃል። ብዙ ሰው ከዐቢይ ጾም መግቢያ እስከ ፋሲካ ይላል። ሥጋ ቤት ውስጥ የኖረ ሰው ድንበሩን በሁለቱም በኩል ያሰፋዋል። የነነዌ ጾም ከፋሲካ ጋር አብራ ስለምትንቀሳቀስ መነሻው ከእርሷ ሰኞ ይሆናል። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፤ እነዚያ ቀናት በሒሳባችን ከ20 ሺህ ወደ 60 ሺህ የሚዘሉ ናቸው። ስለዚህ ልዩው ርቀት በዓለ ሃምሳን አልፎ እስከ ሐዋርያት ጾም ውስጥ መዝለቅ አለበት። ከዚያ ወደ 364 ሲመለስ አንድ የአምና ሳምንት ሁለት ጊዜ ይጠራል፤ በጾም ውስጥ በመሆኑ ጉዳቱ ትንሽ ነው። መነሻው ላይ በተቃራኒው አንድ የአምና ሳምንት ጭራሽ ሳይጠራ ይዘለላል። በዚህም ምክንያት የወራቱ ንጽጽር ተደምሮ የዓመቱን ንጽጽር አይሰጥም፤ ለዓመቱ ሌላ ኩዌሪ መጻፍ ግድ ነው። ገና ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ በቀኑ የሚከበር እንጂ በሳምንቱ የሚሄድ ስላልሆነ ዋዜማውና በዓሉ በእጅ ይጣመራሉ። ለሙስሊም ደንበኞች የሚያርድ ቤት በበኩሉ በረመዳንና በዒድ ላይ የተመሠረተ የራሱን ዓምድ ይሞላል፤ ሁለቱን በአንድ ዓምድ መያዝ አይቻልም።

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ቀኖች ነው። ቀኑ ራሱ ማለቁን ማን ይናገራል?

አብዛኛው ኩዌሪ ይህን ለሰዓት ይተወዋል፤ ትናንት ካለፈ ትናንት አልቋል ይላል። እሑድ ማታ ሦስተኛው ቅርንጫፍ ኔትወርክ ጠፍቶበት ሒሳቡን ሳይልክ ቢያድር፣ ሰኞ ጠዋት ከ120 ሺህ ውስጥ የእርሱ 40 ሺህ አይኖርም። ድምሩ 660 ሺህ ይሆንና ሪፖርቱ 6 በመቶ ወርዷል ይላል። ማንም ስሕተት አልሠራም፤ ኩዌሪውም ያገኘውን ደምሯል። የጎደለው ነገር ግን ከማነስ ጋር አንድ ዓይነት መልክ አለው።

ስለዚህ የማለቁ ማረጋገጫ ከሰዓት ሳይሆን ከዳታው መምጣት አለበት። በየቅርንጫፉ ካሸሩ የቀኑን ሒሳብ ሲዘጋና ሲልክ ማዕከላዊው ዳታቤዝ ውስጥ አንድ ረድፍ ይጻፋል፤ ይህ ቅርንጫፍ ይህን ቀን በዚህ ሰዓት ዘግቷል የሚል። ኩዌሪው ከየቅርንጫፉ የመጨረሻውን የተዘጋ ቀን ይወስድና ከሦስቱ ኋላ የቀረውን ይመርጣል። ሦስተኛው ቅርንጫፍ እሑድን ካልዘጋ መቁረጫው ቅዳሜ ጥቅምት 8 ይሆናል፤ የአምናውም አብሮ ወደ ቅዳሜ ይመለሳል። ባለቤቱ የሚያየው ንጽጽር በአንድ ቀን ያጠረ፣ ግን እውነተኛ ነው። በዚህ አሠራር የሚመጣ አንድ ችግር አለ፤ አንድ ቅርንጫፍ ለዘለቄታው ቢዘጋ መቁረጫው በመጨረሻው ቀኑ ላይ ተቸንክሮ ይቀራል። ሪፖርቱ ሦስት ቀን ሙሉ ቀኑ ካልተንቀሳቀሰ መንስኤው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው፤ የተዘጋውን ቅርንጫፍ ከዝርዝሩ ማውጣት ያስፈልጋል።

የሚቀረው ከሁሉ የረቀቀው ነው። ከቅርንጫፎቹ አንዱ ለሆቴሎች በዱቤ ያቀርባል እንበል። ሆቴሉ የተረከበውን ሥጋ ከፊሉን ይመልሳል፤ ካሸሩ ሁለት ጊዜ የመታው ደረሰኝ ከሳምንት በኋላ ይገኛል። እነዚህ ማስተካከያዎች ሁሉ ቀስ እያሉ ይመጣሉ። የአምናው ዘጠኝ ቀን ያኔ ሰኞ ጠዋት ቢጠየቅ 700 ሺህ ይል ነበር፤ ዛሬ ሲጠየቅ ግን በዓመቱ ውስጥ 28 ሺህ ብር ተቀንሶለት 672 ሺህ ይላል። የዘንድሮው 700 ሺህ ገና አልተጣራም። ሁለቱ ሲነጻጸሩ 4 በመቶ የሐሰት ዕድገት ይወጣል፤ በየወሩ፣ ሁልጊዜ በአንድ ወገን።

ሚዛኑን የሚያስተካክለው መንገድ አምናን ዛሬ እንደምናውቀው ሳይሆን ያኔ እናውቀው በነበረው መጠን መጠየቅ ነው። ለዚህ እያንዳንዱ የሽያጭ ረድፍ ሁለት ቀን መያዝ አለበት፤ ሥጋው የተሸጠበት ቀንና ረድፉ ዳታቤዙ ውስጥ የገባበት ሰዓት። ከዘንድሮው እስከ ዛሬ ጠዋት የገቡት ይቆጠራሉ፤ ከአምናው ደግሞ እስከዚያው ጠዋት የገቡት ብቻ። ሁለቱም ጥሬ ሆነው ይመዘናሉ። የማይታለፍ ቅድመ ሁኔታ ግን አለው። ማስተካከያ ሲደረግ አዲስ የመቀነሻ ረድፍ መጻፍ አለበት። የድሮው ረድፍ ላይ ገብቶ ቁጥሩን የሚለውጥ ፕሮግራም ከሆነ ያኔ የነበረው ቁጥር ጠፍቷል፤ የትኛውም ኩዌሪ አይመልሰውም። እንዲህ ባለ ቤት ያለው ምርጫ የዕለቱን ውጤት በየጠዋቱ ለብቻው እያስቀመጡ መሄድና ከአንድ ዓመት በኋላ ከዚያ ጋር ማነጻጸር ነው።

ይህ ሁሉ ሲሰበሰብ ኩዌሪው የሚፈራውን ያህል ረጅም አይሆንም። በፖስትግሬስ የመጀመሪያው ክፍል መቁረጫውን ፈልጎ የሚነጻጸሩትን ቀኖች ይዘረዝራል።

```sql
WITH cut AS (
  SELECT min(last_day) AS last_day
  FROM (SELECT max(sold_on) AS last_day
        FROM day_close
        WHERE sold_on < :'run_at'::timestamptz::date
          AND closed_at < :'run_at'::timestamptz
        GROUP BY branch_id) b
),
days AS (
  SELECT c.day, c.match_day
  FROM cut
  JOIN cal k ON k.day = cut.last_day
  JOIN cal c ON c.eth_year = k.eth_year
            AND c.eth_month = k.eth_month
            AND c.day <= k.day
)
```

`day_close` ካሸሮቹ ቀን የሚዘጉበት ሠንጠረዥ ነው፤ `cal` የቀን መቁጠሪያው፤ `match_day` ደግሞ የአምናው አቻ ቀን የተጻፈበት ዓምድ። ወሩ የሚመረጠው ከዛሬው ቀን ሳይሆን ከመቁረጫው ቀን መሆኑን ልብ ይሏል። ኅዳር 1 ጠዋት ሪፖርቱ ሲሮጥ የመጨረሻው የተዘጋ ቀን ጥቅምት 30 ስለሆነ ሙሉውን ጥቅምት ያወጣል። በዛሬው ቀን የሚሄድ ኩዌሪ በዚያ ጠዋት ባዶ ወር አንሥቶ፣ ወይ ምንም አይልም ወይ መቶ በመቶ ወርዷል ይላል።

ሁለተኛው ክፍል ሁለቱን ድምሮች ያወጣል።

```sql
SELECT
  (SELECT sum(s.amount)
   FROM sales s JOIN days d ON s.sold_on = d.day
   WHERE s.recorded_at < :'run_at'::timestamptz
  ) AS zendro,
  (SELECT sum(s.amount)
   FROM sales s JOIN days d ON s.sold_on = d.match_day
   WHERE s.recorded_at < :'run_at'::timestamptz
         - (d.day - d.match_day) * interval '1 day'
  ) AS amna;
```

ከመጨረሻው አጠገብ ያለችው ስሌት ሥራውን በሙሉ ትሸከማለች። `d.day - d.match_day` በሁለቱ ቀናት መካከል ያለውን ርቀት ትሰጣለች፤ በጥቅምት 364፣ በ2018 ፋሲካ ሰሞን 357። ያው ርቀት ከሪፖርቱ ሰዓት ላይም ይቀነሳል። ስለዚህ የአምናው ቀን ከተሸጠ በኋላ ማስተካከያ የሚጠበቅበት ጊዜ ከዘንድሮው ጋር በሰዓት እኩል ነው፤ ፋሲካ የትም ቢውል።

በኩዌሪው ውስጥ `now()` ወይም `CURRENT_DATE` የሚል ቃል የለም፤ ይህም ሆን ተብሎ ነው። ሰዓቱ ከውጭ በ`run_at` በኩል ይሰጠዋል። ብዙ ሰርቨሮች የሚሠሩት በዓለም አቀፉ ሰዓት ሲሆን ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ሰርቨሩን ዛሬ ቀኑ ስንት ነው ቢሉት የትናንቱን ይናገራል። ጠዋት 2 ሰዓት ከሩብ ላይ እንዲሮጥ ሰርቨሩ ላይ የሚጻፈው መስመር ይህን ይመስላል።

```
15 5 * * * psql -v run_at="$(date -u +'\%F 05:15+00')" -f amna.sql
```

ሌላም ጥቅም አለው። ባለፈው ማክሰኞ ሰርቨሩ ጠፍቶ ሪፖርቱ ካልወጣ፣ የማክሰኞን ሰዓት ሰጥቶ ዛሬ ማስሮጥ ይቻላል፤ ውጤቱም ያኔ ቢወጣ ይወጣ የነበረው ነው። ውጤቱ በሠንጠረዥ የሚቀመጥ ከሆነ በ`ON CONFLICT` አማካይነት የዚያን ቀን ረድፍ ይተካ እንጂ ሁለተኛ ረድፍ አይጨምር፤ አለዚያ ሁለቴ የሮጠ ቀን ሁለቴ ይደመራል።

ኩዌሪው ልክ መሆኑን ለማወቅ የሚበልጠው ፈተና ወደ ኋላ ማስሮጥ ነው። ያለቀ አንድ ወር ወስዶ ለሠላሳውም ጠዋት በየተራ ሰዓቱን እየሰጡ ሠላሳ መቶኛዎችን ማውጣት። ቁጥሮቹ ከወሩ መጀመሪያ ወደ መጨረሻው በአንድ አቅጣጫ ቀስ እያሉ የሚወጡ ከሆነ ያላለቀው ወር አሁንም እየተበደለ ነው። በየሰባት ቀኑ የሚዘሉ ከሆነ የሳምንት ቀኖቹ አልተገጣጠሙም። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ሊዋዥቁ ይችላሉ፤ ሁለት ቀን ከሁለት ቀን ጋር ሲነጻጸር አንድ ሠርግ ያዘዘው ሥጋ ብቻውን መቶኛውን ያናውጠዋል። አንዳንድ ቤቶች በዚህ ምክንያት ከወሩ አምስተኛ ቀን በፊት መቶኛውን ትተው ሁለቱን የብር ድምሮች ብቻ ያሳያሉ፤ የሚደገፍ ልማድ ነው።

ከዚህ ጋር ሁለት ትንንሽ ቆጠራዎች አብረው ቢሮጡ ይመረጣል። አንዱ የመዝጊያ ረድፎቹ ቁጥር ከቅርንጫፍ በቀን ብዜት ጋር እኩል መሆኑን ያያል፤ ለሦስት ቅርንጫፍና ለዘጠኝ ቀን 27 መሆን አለበት። የላይኛው ኩዌሪ የመጨረሻውን የተዘጋ ቀን ብቻ ስለሚያይ፣ ቅርንጫፉ ጥቅምት 6ን ዘልሎ ጥቅምት 9ን ቢዘጋ ክፍተቱን አያውቅም፤ ይህ ቆጠራ ያውቃል። ሌላው የዘንድሮው ቀኖችና የአምና አቻዎቻቸው የሳምንት ቀን አንድ መሆኑን ያረጋግጣል። በእጅ ከተጣመሩት የገና ቀኖች በስተቀር ልዩነት መገኘት የለበትም።

ባለቤቱ ዘንድሮ መስከረም ላይ አራተኛ ቅርንጫፍ ቢከፍት ንጽጽሩ እንደገና ይዛባል፤ አዲሱ ቤት አምና አልነበረምና ሽያጩ ሁሉ ዕድገት ሆኖ ይቆጠራል። የተለመደው አሠራር በሁለቱም ዓመት የነበሩትን ሦስቱን ለብቻ አነጻጽሮ አራተኛውን በሌላ መስመር ማሳየት ነው። ለዚህ ሁለቱም ድምሮች ላይ የቅርንጫፍ ማጣሪያ መጨመር ይበቃል።

የዋጋ ነገርም አለ። እስካሁን ዋጋው አልተለወጠም ብለን ነበር የተነሣነው፤ እውነተኛው ገበያ ውስጥ ግን የአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ ከአምና ዘንድሮ ይጨምራል። ቀኖቹ ፍጹም ቢገጣጠሙም ብር ከብር ጋር ሲነጻጸር የዋጋው ጭማሪ እንደ ሽያጭ ዕድገት ይታያል። የካሽ ሬጅስተሩ ረድፍ ኪሎውንም የሚይዝ ከሆነ `sum(s.amount)` በሚለው ፋንታ የኪሎውን ዓምድ አስገብቶ ያንኑ ኩዌሪ ሁለተኛ ጊዜ ማስሮጥ ነው፤ ሪፖርቱ ላይ ከብሩ ሥር የኪሎው መስመር ይገባል። ብሩ በ20 በመቶ ጨምሮ ኪሎው በ3 በመቶ የቀነሰበት ወር ሲመጣ ባለቤቱ ከቆራጩ ጋር የሚነጋገረው በሁለተኛው መስመር ላይ ይሆናል።